የሰፊ ጠፍጣፋ ጣሪያ ውሃ በስንት አፍ፣ በምን ያህል ቱቦ ይውረድ? የስበትና የሳይፎን ሥርዓቶች ስሌት ለጅማ

ጅማ በዓመት በአማካይ 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ሶሌታ የለበሰ ሰፊ መጋዘን፣ የገበያ ማዕከል ወይም አዳራሽ የሚያሠራ ሰው ስለ ጣሪያው የውሃ መውረጃ ሲያስብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ቁጥር ነው። የቱቦውን ስፋት የሚወስነው ግን በዓመት ወይም በወር የሚጠራቀመው ዝናብ አይደለም። የሚወስነው በክረምት ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚወርደውና ለአምስት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚበረታው ዶፍ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያካፋ ዝናብ ለማሳው ብዙ ውሃ ሊሰጥ ይችላል፤ ለጣሪያው መውረጃ ግን ከዚያ የአምስት ደቂቃ ዶፍ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ጭነት ነው።

ይህ ማብራሪያ አንድ ምሳሌ ይዞ ይሄዳል። 60 ሜትር ርዝመትና 40 ሜትር ስፋት ያለው፣ ዙሪያው በፓራፔት የታጠረ፣ ከጣሪያው እስከ መሬት ያለው የውሃ መውደቂያ ከፍታ 9 ሜትር የሆነ የቡና መጋዘን እንውሰድ። ይህን ጣሪያ ሁሉም በሚያውቀው የስበት ሥርዓት፣ ባለሙያዎች ግራቪቲ በሚሉት፣ ማፋሰስ ይቻላል፤ ሳይፎኒክ በሚባለው ሥርዓትም ይቻላል። ሁለቱ የሚሰሉበት መንገድ በመሠረቱ የተለያየ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጅማ ከፍታ በሁለተኛው ስሌት ውስጥ ይገባል፤ ይህ ነጥብ በቆላ አገር በተዘጋጀ ካታሎግ ሲሠራ በቀላሉ የሚዘለል ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ።

ጣሪያው ላይ ስንት ውሃ ይመጣል?

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የዝናብ ጥንካሬ የሚባለው ዝናቡ የሚወርድበት ፍጥነት ሲሆን፣ የሚለካውም በሰዓት በሚሊ ሜትር ነው። በሰዓት 120 ሚሊ ሜትር ሲባል ዝናቡ አንድ ሰዓት ሙሉ ይዘንባል ማለት አይደለም፤ ለአምስት ደቂቃ በዚያ ፍጥነት ወርዶ ሊያባራ ይችላል፤ ያን ጊዜ የወረደው በጠቅላላው 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ትክክለኛው ጥንካሬ የሚነበበው የዝናብን ጥንካሬ፣ የቆይታ ጊዜና የመደጋገም ዘመን፣ ማለትም ያን ያህል ዶፍ በአማካይ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚመጣ፣ ከሚያገናኘው ኩርባ ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን ለድልድይና ለመንገድ ዳር ቦይ ያዘጋጀው የውሃ ማፋሰሻ ንድፍ መመሪያ ሀገሪቱን በዝናብ ክልሎች ከፍሎ እንዲህ ያሉ ኩርባዎችን ይዟል፤ ለሕንፃም መነሻ ሆኖ ያገለግላል። እኔ እዚህ ለስሌቱ ማሳያ ብቻ በሰዓት 120 ሚሊ ሜትርን እይዛለሁ። እውነተኛ ሕንፃ የሚነድፍ ሰው ግን ለቦታውና ለሚቀበለው የሥጋት መጠን የሚስማማውን ቁጥር ከኩርባው ማንበብ ይኖርበታል።

የጣሪያው ስፋት 2400 ካሬ ሜትር ነው። ስሌቱ የሚከተለው ነው፦

Q = i × A / 3600 = 120 × 2400 / 3600 = 80

መልሱ በሰከንድ 80 ሊትር ነው። ይህም ማለት 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በየሁለት ሰከንድ ተኩል ይሞላል። ለአፈርና ለሣር ሜዳ ሲሰላ ከዝናቡ የተወሰነው ወደ መሬት ይሰርጋል ተብሎ ይቀነሳል፤ ለሶሌታ ግን ምንም አይቀነስም። ከጣሪያው ጎን ከፍ ብሎ የቆመ ግድግዳ ካለ ደግሞ ነፋስ ገፍቶ የሚያመጣው ዝናብ ግድግዳውን ተከትሎ ስለሚወርድ፣ የግድግዳው ስፋት ግማሽ በጣሪያው ላይ ይደመራል። የእኛ ምሳሌ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው በ80 ሊትር እንቀጥላለን።

በስበት ሥርዓት ውሃውን የሚገድበው ምንድን ነው?

አብዛኛው ሰው የሚገድበው ቱቦው ይመስለዋል። ጣሪያው ውሃ ሲያቁር የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክርም «የ100ውን ቱቦ አውጥታችሁ 150 አስገቡ» የሚል ነው። ይህ ምክር ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ውሃውን አያወርድም።

በስበት ሥርዓት ውሃው ወደ መውረጃው አፍ የሚገባው በዙሪያው ካለው ጠርዝ ላይ እየፈሰሰ ነው። የሚገፋው ኃይል ጣሪያው ላይ የተኛው ውሃ ጥልቀት ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ውሃው አፉን ካለፈ በኋላ በቋሚው ቱቦ ውስጥ የሚወርደው ግድግዳውን ተለጥፎ ሲሆን፣ መካከሉ አየር ነው። ንድፍ አውጪዎች በተለምዶ ቋሚ ቱቦ ከአንድ ሦስተኛ በላይ በውሃ እንዳይሞላ አድርገው ያሰላሉ። እንደዚያም ሆኖ የውስጥ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቋሚ ቱቦ በሰከንድ 10.7 ሊትር ያወርዳል። አፉ ግን ያን ያህል ውሃ አያደርስለትም።

በአውሮፓ የጣሪያ ማፋሰሻ ደረጃ ውስጥ ለክብ አፍ የተሰጠው ቀመር ይህን በግልጽ ያሳያል፦

Q = k × D × h^1.5 / 7500

D የአፉ የላይኛው ስፋት፣ h ደግሞ በአፉ ዙሪያ ያለው የውሃ ጥልቀት ሲሆን ሁለቱም በሚሊ ሜትር ይለካሉ። k አፉ ክፍት ከሆነ 1፣ የቅጠል ማጣሪያ ወንፊት ካለበት 0.5 ነው። በጅማ ወንፊት የሌለው አፍ ማሰብ ስለማይቻል 0.5 እንይዛለን። አፉ ከላይ 250 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረውና ጣሪያው ላይ 50 ሚሊ ሜትር ውሃ እንዲተኛ ብንፈቅድ፣ አንድ አፍ የሚቀበለው በሰከንድ 5.9 ሊትር ይሆናል። 80ን ለ5.9 ስናካፍል 13.6 ይመጣል፤ ስለዚህ 14 አፎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። እያንዳንዱ ከሥሩ 100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበቃዋል፤ እንዲያውም ከአቅሙ ግማሽ ገደማውን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ያንን ቱቦ ወደ 150 ብናሳድገው የሚጨመር ጠብታ የለም፣ ምክንያቱም ማነቆው ከላይ ነው።

ከቀመሩ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ጥልቀቱ ነው። ጥልቀቱ በእጥፍ ሲያድግ ፍሰቱ 2.8 ጊዜ ያድጋል። በአፉ ዙሪያ ሶሌታው ላይ ዝቅ ያለ ገንዳ መሥራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ጣሪያው ሁሉ ውሃ ሳይሸከም አፉ ዘንድ ብቻ ጥልቀት ይገኛል። የገንዳው ቦታ ግን ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት መታወቅ አለበት። ብረቱ ታስሮ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ የሚመጣ የመውረጃ ንድፍ ይህንን ዕድል አጥቶ ነው የሚመጣው።

አሥራ አራቱን ቱቦዎች በሕንፃው ዙሪያ በውጭ ግድግዳ ማውረድ ከተቻለ ሥራው ቀላል ነው። 40 ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ግን አፎቹ ብዙ ጊዜ መሃል ይወድቃሉ። ያን ጊዜ ከጣሪያው ሥር በአግድም ቱቦ እየተሰበሰቡ ወደ ዳር መሄድ አለባቸው፤ አግድሙ ቱቦም ተዳፋት ይፈልጋል። ግማሹን ውሃ፣ ማለትም በሰከንድ 40 ሊትር፣ በመቶ አንድ ተዳፋት ለመውሰድ 225 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቱቦ ያስፈልጋል፤ በ52 ሜትር ርቀት ላይም ቱቦው ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ያ ግማሽ ሜትር ከመጋዘኑ የመደርደሪያ ከፍታ ላይ የሚቀነስ ነው። ቱቦውን መሬት ውስጥ ልቅበረው ከተባለም በመጋዘኑ ወለል ሥር የሚያልፍ ረጅም ቁፋሮና በየመካከሉ ማንሆል ይመጣል።

ሳይፎን ምን ይለውጣል?

ከበርሜል ነዳጅ በጎማ የቀዳ ሰው የሳይፎንን አሠራር በእጁ ያውቀዋል። ጎማው አንዴ በነዳጅ ከሞላና የታችኛው ጫፉ ከበርሜሉ ዝቅ ካለ ፈሳሹ በራሱ ይሳባል፤ አየር ከገባ ግን ወዲያው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፊንላንዳዊው መሐንዲስ ኦላቪ ኤቤሊንግ ለጣሪያ ውሃ ያዋለው ይህንኑ ነው።

የሳይፎኒክ አፍ ከላዩ ጠፍጣፋ ሳህን አለው። ውሃው ወደ አፉ የሚገባው በዚህ ሳህን ሥር በጎን በኩል ስለሆነ አዙሪት ፈጥሮ አየር ይዞ መግባት አይችልም። ዝናቡ ሲበረታ ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ በውሃ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ውሃውን የሚገፋው ጣሪያው ላይ ያለው 5 ሳንቲ ሜትር ሳይሆን፣ ከጣሪያው እስከ ታችኛው መውጫ ያለው 9 ሜትር ከፍታ በሙሉ ነው። አግድሙ ቱቦም የሚሳበው በዚህ ኃይል ስለሆነ ያለ ተዳፋት፣ ከጣሪያው ሥር ተጠግቶ ቀጥ ብሎ መሄድ ይችላል።

ለእኛ መጋዘን አንድ አፍ በሰከንድ 10 ሊትር እንዲወስድ ብናደርግ 8 አፎች ይበቃሉ። አራት አራቱን በ15 ሜትር ርቀት በሁለት መስመር እናሰልፋቸዋለን፤ እያንዳንዱ መስመር 40 ሊትር ይዞ በአንድ ቋሚ ቱቦ ይወርዳል። አሥራ አራት የነበረው ቋሚ ቱቦ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

የስሌቱ ሕግ ይህ ነው፦ ያለው 9 ሜትር ከፍታ በመንገዱ ላይ በሚጠፋው ኃይል ሙሉ በሙሉ መበላት አለበት። የውስጥ ስፋቱ 101 ሚሊ ሜትር በሆነ ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ 40 ሊትር ሲወርድ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ነው። አግድሙ ቱቦ ከጣሪያው አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ቋሚው ቱቦ 8 ሜትር ነው፤ በእሱ ውስጥ በሰበቃ 1.6 ሜትር፣ ከታች ባለው ክርን 0.5 ሜትር፣ ውሃው ሲወጣ ይዞት በሚሄደው ፍጥነት ደግሞ 1.3 ሜትር ይጠፋል። ድምሩ 3.4 ሜትር ነው። የቀረውን 5.6 ሜትር አግድሙ ቱቦ ከነአፎቹና ከነመገጣጠሚያዎቹ መብላት ይኖርበታል። ይህንን ለማድረግ ቱቦው ከመጀመሪያው አፍ በ80 ሚሊ ሜትር ገደማ ጀምሮ በየአፉ ውሃው ሲጨመር እየሰፋ 115 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለቋሚው ቱቦ ቅርብ የሆነው አፍ መንገዱ አጭር ስለሆነ ከድርሻው በላይ እንዳይስብ በጠባብ ቅርንጫፍ ይያዛል። አራቱም መንገዶች እኩል ኃይል እስኪበሉ ድረስ እየተመላለሱ ማስላት ነው የሳይፎን ንድፍ ዋና ልፋት።

የጅማ ከፍታ ለምን ይገባበታል?

በሳይፎን ውስጥ ከፍተኛው የመምጠጥ ግፊት፣ ማለትም ቫኪዩሙ፣ የሚገኘው አግድሙ ቱቦ ታጥፎ ወደ ታች መውረድ በሚጀምርበት ክርን ላይ ነው። ከሥሩ የተንጠለጠለው 8 ሜትር የውሃ ዓምድ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ በሰበቃና በክርን የሚጠፋው ኃይል ደግሞ ይህን ጉተታ በከፊል ይቀንሰዋል። በ101 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ 8 ሲቀነስ 1.6፣ ሲቀነስ 0.5 ይሆናል፤ ስለዚህ ክርኑ ላይ ያለው ቫኪዩም 5.9 ሜትር ውሃ ነው።

ይህ ቁጥር ያለ ገደብ ሊያድግ አይችልም። ውሃን በቱቦ ውስጥ የሚያያይዘው ከውጭ የሚጫነው የከባቢ አየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት 10.3 ሜትር የውሃ ዓምድ ይሸከማል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ላይ ስላለች እዚህ የሚሸከመው 8.3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቫኪዩሙ ወደዚያ ሲጠጋ ውሃው ሳይሞቅ መፍላት ይጀምራል፤ በ20 ዲግሪ ይህ የሚሆነው የቀረው ግፊት ወደ 0.24 ሜትር ሲወርድ ነው። የሚፈጠሩት የእንፋሎት አረፋዎች ዝቅ ብለው ግፊት ሲያገኙ በኃይል ይፈነዳሉ። ይህ ካቪቴሽን የሚባለው ነው፤ ቱቦውን ያንቀጠቅጣል፣ መገጣጠሚያውን ይፈታል፣ ዓምዱንም ይበጥሰዋል።

በዝቅተኛ አገሮች ለሳይፎን ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚያዘው የቫኪዩም ገደብ 8 ሜትር ገደማ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ 2.3 ሜትር መተማመኛ ይተዋል። ያንኑ 8 ሜትር ጅማ ላይ ብንፈቅድ የሚቀረን 0.3 ሜትር ነው፤ ውሃው መፍያው አፋፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው። የባሕር ጠለሉን መተማመኛ ለማግኘት ከ8.3 ላይ 2.3 መቀነስ አለብን፤ ስለዚህ ለጅማ የሚሆነው ገደብ 6 ሜትር ገደማ ነው። የእኛ 5.9 የሚያልፈው ለጥቂት ነው። ንድፉ በኮምፒውተር ከተሠራም በፕሮግራሙ ውስጥ የከባቢ አየር ግፊቱ ወይም የቫኪዩም ገደቡ ለጅማ ተስተካክሎ እንደገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ አንድ ጥያቄ ነው፣ ነገር ግን ባለ ንብረቱ ንድፍ አውጪውን ከሚጠይቃቸው ሁሉ የሚበልጠው የለም።

ለደኅንነት ሲባል ሰፋ ያለ ቱቦ ብናደርግስ?

በስበት ሥርዓት ሰፋ ያለ ቱቦ ቢበዛ ገንዘብ ያባክናል። በሳይፎን ግን ይጎዳል። ቋሚውን ቱቦ ከ101 ወደ 115 ሚሊ ሜትር ብናሰፋው፣ በዚያው 40 ሊትር ላይ ሰበቃው ከ1.6 ወደ 0.9 ሜትር፣ የክርኑ ኪሳራም ወደ 0.3 ሜትር ይወርዳል። ጉተታውን የሚይዘው ስለቀነሰ ክርኑ ላይ ያለው ቫኪዩም ከ5.9 ወደ 6.8 ሜትር ያድጋል። በባሕር ዳርቻ ከተማ ይህ ችግር ላይሆን ይችላል፤ በጅማ ግን ከገደቡ ወጥቷል። ግንበኛው ገበያ ላይ የታዘዘውን ቱቦ አጥቶ «ይኼ ሰፋ ይላል፣ ይሻላል» ብሎ ሲቀይር የሚደርሰው ይህ ነው። ሰፊ ቱቦ ለመሙላትም ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል፤ ሳይፎኑ ሳይነሣ ዶፉ ጣሪያውን ሊሞላው ይችላል።

የዝናቡን ጥንካሬ አጋንኖ መያዝም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። በሰዓት 120 ለሚበቃ ጣሪያ 250 ይዞ የተነደፈ ሳይፎን በሕይወት ዘመኑ ሞልቶ የሚሠራበት ቀን እምብዛም አይኖርም። በቀላል ዝናብ ሳይፎን እንደ ተራ የስበት ቱቦ ነው የሚሠራው፤ ያውም ተዳፋት በሌለው አግድም ቱቦ። ቱቦውን ደለልና አቧራ ጠርጎ የሚያጸዳው ሞልቶ፣ በሰከንድ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲፈስ ነው። ያ ሳይሆን ሲቀር ጭቃው እዚያው ይተኛል።

ሥርዓቱ በትክክል አለመሥራቱ በምን ይታወቃል?

ጤናማ ሳይፎን ድምፅ አለው። ዝናቡ ሲጀምር ይንጎራጎራል፣ መካከለኛ ሲሆን አየርና ውሃ እየተፈራረቁ ይጎርሳል፣ ዶፉ ሲወርድ ደግሞ ድምፁ ወጥ ይሆናል። በከባድ ዶፍ መካከል መጉረሱ ካላቋረጠ የሆነ ቦታ አየር ይገባል ማለት ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ማየት ከተቻለ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በሳይፎኒክ አፍ ላይ አዙሪት መታየት የለበትም። አዙሪት ካለ ሳህኑ ተነሥቷል ወይም ጠሟል።

የሳህኑ መነሣት ትልቁ አደጋ ነው፣ የሚነሣውም በበጎ ሐሳብ ነው። ጣሪያ የሚጠርግ ሰው ውሃው ቀስ ብሎ ሲወርድ ያይና «የዘጋው ይኼ ክዳን ነው» ብሎ ፈትቶ ያስቀምጠዋል። ያን ጊዜ አየር ይገባል፤ 40 ሊትር እንዲያወርድ የተነደፈው 101 ሚሊ ሜትር ቋሚ ቱቦም ወደ ስበት ሥርዓት ተመልሶ ወደ 11 ሊትር ይወርዳል። አንዱን አፍ ብቻ ከፍቶ የመስመሩን ሦስት አራተኛ አቅም ማጥፋት ይቻላል፣ ምክንያቱም አራቱ አፎች የሚጋሩት አንድ ቱቦ ነው። ለዚህ ነው ሳህኑ ላይ «አይነሣም» የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መለጠፍ ያለበት።

የታችኛው ጫፍም ይታያል። ሳይፎኑ የሚያበቃበት ማንሆል አየር የሚያስወጣ ክዳን ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ሰፋ ባለ የስበት ቱቦ ይቀጥላል። ውሃው እዚያ በሰከንድ 5 ሜትር ከመድረሱ የተነሣ ተራ የጡብ ማንሆልን ይቦረቡራል፤ ስለዚህ ከመውጫው በፊት ያለው አጭር የቱቦ ክፍል ሰፍቶ ፍጥነቱ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ እንዲወርድ ይደረጋል። ማንሆሉ ከመንገዱ ቦይ በሚመለስ ውሃ የሚሞላ ከሆነ ያለው የከፍታ ልዩነት ቀንሷል ማለት ነው፤ 9 ሜትር የተባለው ስሌትም አይሠራም።

በስበት ሥርዓት ችግሩ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፦ ከዝናብ በኋላ በፓራፔቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚቀር ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር። ያ መስመር ከሶሌታው ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ መለካት ጣሪያው በዶፉ ጊዜ ምን ያህል ውሃ እንደተሸከመ ያሳያል። መስመሩ በአንድ ጥግ ብቻ ከፍ ካለ የተዘጋው እዚያ ያለው አፍ ነው፤ ዙሪያውን እኩል ከሆነ ግን የአፎቹ ቁጥር ራሱ አንሷል።

አፎቹ ቢዘጉስ?

በመጋዘን አካባቢ የቡና ገለፈት በነፋስ ይነሣል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይረግፋል፣ በረዶም ይጥላል። ስለዚህ ሁሉም አፍ እንደተዘጋ አስቦ ሌላ መውጫ ማበጀት ግዴታ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 100 ኪሎ ግራም፣ ማለትም አንድ ኩንታል ነው። በ2400 ካሬ ሜትር ላይ 2400 ኩንታል ይሆናል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ቡና ወለሉ ላይ ነው ያለው፤ ይህ ግን ምሰሶው ላይ ነው።

መፍትሔው በፓራፔቱ ውስጥ የሚተው ክፍት የትርፍ ውሃ መውጫ ነው። ለእንዲህ ያለ መውጫ የሚያገለግለው ቀመር Q = L × h^1.5 / 24000 ነው። ከመውጫው አፋፍ በላይ 75 ሚሊ ሜትር ውሃ እንዲወጣ ከተፈቀደ፣ 80 ሊትሩን ሙሉ ለማስወጣት በድምሩ 3 ሜትር ገደማ ስፋት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር የሆኑ ሦስት መውጫዎች። አፋፉ ከተለመደው 50 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በ60 ላይ ቢቀመጥ፣ ዝቅተኛው የጣሪያ ክፍል እስከ 135 ሚሊ ሜትር ውሃ ሊሸከም ነው። ይህ ቁጥር ለስትራክቸር መሐንዲሱ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። በግድግዳው ውስጥ በተቀበረ 2 ኢንች ፒቪሲ የተሠራ የትርፍ መውጫ በየቦታው ይታያል፤ ለዚህ ሥራ ከምንም አይቆጠርም። ትርፍ መውጫው ከሰው ዓይን የማይሰወር ቦታ፣ ከዋናው በር አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ውሃ ሲወርድ ያየ ጠባቂ አፎቹ መዘጋታቸውን ያውቃል።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ?

ቱቦዎቹን በውጭ ግድግዳ ማውረድ የሚቻልበት ሕንፃ ከሆነ፣ አሥራ አራቱ አፎች ቢበዙም፣ እኔ የስበት ሥርዓትን እመርጣለሁ። አንዱ አፍ ቢዘጋ የሚጠፋው ከአሥራ አራት አንድ እጅ ነው፤ የሚጠግነውም ማንኛውም የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሳይፎን ዋጋውን የሚያወጣው ውሃው ከጣሪያው መሃል መሰብሰብ ግድ ሲሆን፣ ከጣሪያ ሥር ያለው ከፍታ ሲፈለግ፣ ወይም በወለሉ ሥር መቆፈር ሲያስቸግር ነው። ያን ጊዜም ሦስት ነገሮች አብረው ሊኖሩ ይገባል፦ ለጅማ የአየር ግፊት የተሠራ ስሌት፣ በንድፉ ላይ የተጻፈውን የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር የጠበቀ ቱቦ፣ ከክረምቱ በፊትና በክረምቱ ውስጥ አፎቹን የሚያጸዳ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው። በከፍታ የሚለያዩ ሁለት ጣሪያዎችን በአንድ ሳይፎን ማገናኘት ደግሞ አይገባም፤ አንደኛው ቀድሞ ሲደርቅ አየር ይስብና ሌላውንም ያቆመዋል።

ርክክብ ሲደረግ ባለ ንብረቱ መቀበል ያለበት የእያንዳንዱን መስመር የስሌት ወረቀት ነው፤ በወረቀቱ ላይ የየቱቦው የውስጥ ስፋት፣ የየአፉ ፍሰትና ክርኑ ላይ የሚደርሰው ቫኪዩም መጻፍ አለባቸው። ከርክክቡ በፊት ቱቦው በታችኛው ጫፍ ተደፍኖ ውሃ ይሞላና መገጣጠሚያዎቹ ይፈተሻሉ። በቫኪዩም ጊዜ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ዝናብ ሲዘንብ ጠብታ ስለማያንጠባጥብ በኋላ ፈልጎ ማግኘቱ ከባድ ነው።